እናት ከአይሮፕላን ሲወርዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ቪዛ ማመልከቻ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ ታክስ ነው። ዛሬ ግን ቪዛው ተገኝቶ፣ ቲኬቱ ተቆርጦ፣ እናት ወይም አባት ከአይሮፕላን ማረፊያው በር ብቅ ካሉ በኋላ ስላለችው የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት እንነጋገራለን። ታክሲ የሚነዱም ሆነ ሱቅ የሚጠብቁ አንባቢዎቻችን ይህቺን ግማሽ ሰዓት ከሥራ ሰርቀው የሚመጡባት ስለሆነች፣ በችኮላ ሻንጣ ጭኖ መሄድ የተለመደ ነው። ያልተጠየቀው ነገር የሚታወቀው ግን ከቀናት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው።

የእኛ ሰላምታ ረዥም ነው፤ መሆንም ይገባዋል። እንደምን ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መንገዱ እንዴት ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደክሞሻል፣ ኧረ ምንም አልል። ይህን ማንም እንዲያሳጥር አንመክርም። ችግሩ በዚህ ሁሉ ጥያቄና መልስ ውስጥ ስለ እናትየው ሁኔታ አንዲት ነገር አለመነገሯ ነው። ቢያማቸውም መልሱ ያው ነው፤ ባይበሉም ያው ነው፤ ፓስፖርታቸው ላይ ስህተት ቢኖርም ያው ነው። ስለዚህ ሰላምታው ካለቀና እንባው ከታበሰ በኋላ የሚጠየቁት ጥያቄዎች «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ተብለው የማይመለሱ ዓይነት መሆን አለባቸው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የታክሲ ባለንብረት የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ የ68 ዓመት እናቱን በወላጅ ቪዛ አስመጣ እንበል። እናትየው የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ወሩ ነሐሴ ነው። ማክሰኞ ማታ በሐበሻ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ረቡዕ ጠዋት በፈረንጅ አቆጣጠር በ8 ሰዓት ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ አረፉ። ከበሩ የወጡት ግን በ10 ሰዓት ነው። ይህ መዘግየት ሊያስደነግጥ አይገባም፤ በኢሚግራንት ቪዛ የሚገባ ሰው ወረቀቱ እንዲታይ ብዙ ጊዜ ለብቻ ወዳለ ክፍል ይወሰዳል፣ እዚያም ወረፋ አለ። ልጅየው ይህን ስላወቀ መኪናውን በነፃው የስልክ መጠበቂያ ቦታ አቁሞ፣ ሾፌር ከመኪናው መራቅ ስለማይፈቀድለት እዚያው ተቀምጦ ቆየ። በኋላም ወደ ሂሳብ መክፈያው ጋራዥ ገብቶ እናቱን በሩ ላይ ተቀበለ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መድኃኒት ነው። «እማዬ፣ መድኃኒትሽን መቼ ወሰድሽ?» ሲላቸው «ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት» አሉት። መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስት የተለያዩ ትርጉሞች አሉት። ልጅየው አሜሪካ ብዙ ስለቆየ «ጠዋት አንድ ሰዓት» ሲሉት በሐበሻ ሰዓት መሆኑን ተረድቶ ወደ 7 ሰዓት ቀይሮ ሊያስብ ይችላል። ያኔም የዋሽንግተን 7 ሰዓት ይመስለዋል፤ ማለትም መድኃኒቱ ከተወሰደ 3 ሰዓት ብቻ ሆነው። ወይም በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 1 ሰዓት ነው ብሎ ያስባል፤ ያኔ 9 ሰዓት ይሆናል። እናትየው ግን የሚናገሩት ስለ አዲስ አበባ ጠዋት ነው። አዲስ አበባ በበጋ ጊዜ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት እዚህ እኩለ ሌሊት ነበር። መድኃኒቱ ከተወሰደ እንግዲህ 10 ሰዓት ሞልቶታል።

እዚህ ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እናትየው ሰዓታቸውን አላስተካከሉም። በእጃቸው ያለው ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ ነውና 11 ይላል፤ የግድግዳው ሰዓት ደግሞ 10 ይላል። ያየ ሰው «የእማዬ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሟል» ብሎ ያልፋል። በእውነቱ ግን የእሳቸው 11 ሰዓት የአዲስ አበባ አመሻሽ ነው፣ የግድግዳው 10 ደግሞ የዋሽንግተን ረፋድ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት 7 ሰዓት ነው። የሐበሻ ሰዓት ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ ቁጥሮቹ በአጋጣሚ ተቀራረቡ። በክረምት ወራት፣ አሜሪካ ሰዓቷን ስትመልስ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል፤ የእጅ ሰዓቱ ቁጥር ደግሞ በሁለት ብቻ የቀደመ ይመስላል።

ይህ ስህተት ምን ያመጣል? እናትየው የስኳሩን ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ የሚወስዱ ከሆነ ቀጣዩ የሚደርሰው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ማለትም ለእንግዳ የተዘጋጀው ምሳ በሚቀርብበት ሰዓት። ልጅየው «ጠዋት 7 ሰዓት ላይ ወስዳለች» ብሎ ካሰበ ግን እስከ ምሽቱ 7 ሰዓት ያስጠብቃቸዋል፤ በሁለቱ መካከል 19 ሰዓት ይሆናል። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። «አሁን እዚህ ጠዋት ነው፣ የጠዋቱን ውሰጂ» ብሎ ቁርስ ላይ ይሰጣል፤ የጠዋቱን አይሮፕላን ላይ ወስደውታል። ስለዚህ የሚጠየቀው «መቼ ወሰድሽ» ሳይሆን «የወሰድሽው ምን ሲያደርጉ ነው?» ነው። እራት ሲያመጡ ነው? መብራት ሲያበሩ ነው? ሊያርፍ ሲል ቁርስ ሲሰጡ ነው? ይህን ማንም እናት በትክክል ያስታውሳል። ከዚያ ስንት ሰዓት እንዳለፈ ልጅየው ራሱ ይቆጥርና በወረቀት ይጽፈዋል። የመድኃኒቱን መያዣ ተቀብሎ ስንት ፍሬ እንደቀረ ማየትም ይረዳል። ሰዓቱን ወደ አሜሪካ ቀንና ሌሊት እንዴት ማዞር እንደሚገባ ግን በግምት አይወሰንም፤ በየሰፈሩ ያለ ፋርማሲስት ያለ ቀጠሮና ያለ ክፍያ ይነግራል። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ ሐኪማቸው ከጉዞው በፊት በጽሑፍ መርሐ ግብር ሊሰጣቸው ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ።

ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ጥያቄ «ምን በላሽ?» የሚለው ነው። «በልተሻል?» ከሆነ መልሱ «ጠግቤያለሁ» ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም አይነግረንም። ወሩ ነሐሴ ነው ብለናል፤ ፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ በቲኬቱ ላይ ቀደም ብሎ ካልታዘዘ እናትየው ሥጋና ቅቤ ያለበትን ሳህን መልሰው ዳቦና ውሃ ብቻ ይዘው ሊሆን ይችላል። በረመዳን የሚጓዙ እናቶችም እንዲሁ ናቸው፤ መንገደኛና ሕመምተኛ ላለመጾም ፈቃድ እንዳለው ቢያውቁም ብዙዎቹ አይጠቀሙበትም። የስኳር ኪኒን ተውጦ ምግብ ካልተበላ በተለይ የአንዳንዶቹ ኪኒኖችና የኢንሱሊን ጉዳት ስኳርን ከመጠን በታች ማውረድ ነው። ምልክቱም ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭና ግራ መጋባት ነው። ልጅ ይህን ሲያይ «ደክሟት ነው፣ ትተኛ» ይላል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። መኪና ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ማስቀመጥ ይበቃል። ግማሽ ብርጭቆ ያህል ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ካልተሻላቸው ይደገም። መዋጥ ካልቻሉ ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳይጨመር ወዲያው 911 ይደወል።

ሦስተኛው ጥያቄ «የትኛው ጫማ ጠበበሽ?» ነው። እግርሽን ያምሻል ወይ ብለው ከጠየቁ መልሱን አስቀድመው ያውቁታል። ለረዥም ሰዓት ተቀምጦ የመጣ ሰው ሁለቱም እግሮቹ ማበጣቸው የተለመደ ነው፤ እግርን ከፍ አድርጎ በመተኛትና በመራመድ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጎድላል። አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ሲነካ ካመመ ወይም ከሌላው ይልቅ ከሞቀ ግን በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ይህ ነገር ከጉዞው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታትም ሊመጣ ስለሚችል በቤትም መጠየቁ አይቅር። የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም ከተጨመረበት በታክሲ ማድረስ አይሞከር፤ 911 ይደወል። «ኢንሹራንስ የላትም» በሚል ፍርሃት የሚዘገዩ አሉ። በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣውን ሰው የመክፈል አቅሙን ሳይጠብቅ መርምሮ ማረጋጋት አለበት። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ እሱ ግን በክፍያ ስምምነት የሚያልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ከጋራዡ ሳይወጡ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ቪዛው ያለበትን ገጽ መግለጥ ነው። በዚያ ላይ የመግቢያ ማኅተም፣ ቀኑና የገቡበት መደብ መታየት አለበት። የአሜሪካ ዜጋ ወላጅ ሆነው ለመጡ እናት መደቡ አይ አር 5 ነው። ማኅተም የተመታበት ይህ ቪዛ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል፤ ሥራ ለመቀጠርም ሆነ ወጥቶ ለመመለስ እሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ከተረሳ፣ ቀኑ ከተሳሳተ ወይም በስህተት የጎብኚ መደብ ከተጻፈ የሚታረምበት ቀላሉ ጊዜ አሁን ነው። የመግቢያ ስህተት የሚያርም የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ጽሕፈት ቤት እዚያው ደለስ ውስጥ አለ። ከስድስት ወር በኋላ ለመንጃ ፈቃድ ሲሄዱ ማወቅ ግን የሥራ ቀናትን ይበላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው «ለሠራተኛው የትኛውን አድራሻ ነገርሽው?» የሚለው ነው። ግሪን ካርዱ በፖስታ የሚመጣው በዚያ አድራሻ ነው። በእኛ ምሳሌ እናትየው «እሱ ከወረቀቱ አነበበልኝ፣ እሺ አልኩት» አሉ። ወረቀቱ የተሞላው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ልጅየው ያኔ የሚኖረው ሌላ አፓርታማ ውስጥ ነበር። እናትየው አልተሳሳቱም፤ የተጻፈውን አጸደቁ። ካርዱ ግን ወደ አሮጌው ቤት ይሄዳል። ይህ በዚያው ዕለት ከታወቀ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አድራሻ መለወጥ ይቻላል፤ ሕጉም ቢሆን አድራሻ በተለወጠ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅን ያዛል። የካርዱ ክፍያ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ 235 ዶላር ነው። ሳይከፈል ካርዱ አይላክም፤ ከተከፈለ ደግሞ እስከ 90 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። «እናቴ ከገባች አራት ወር ሆናት፣ ካርዱ አልመጣም» የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያረጋግጠው ይህ ክፍያ መፈጸሙንና የአፓርታማው ቁጥር በአድራሻው ላይ መኖሩን ነው።

ሌላም የእኛ ብቻ የሆነ እንቅፋት አለ። በእኛ ባህል የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። እናት በአባታቸው ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ በፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው የልጁ ስም ነው። ፖስታ አመላላሹ የማያውቀውን ስም ሲያይ «እዚህ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የእናትየውን ስም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጽፎ በዚያው ቀን ሳጥኑ ውስጠኛ ክፍል ላይ መለጠፍ ነው። ምድር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ይነገር።

እናትየው የመጡት በጎብኚ ቪዛ ከሆነ የወረቀቱ ጥያቄ ይለወጣል፤ በተለይ ሱቅና ምግብ ቤት ያላችሁ ይህን አስተውሉ። ቪዛው ላይ ያለው ቀን የሚነግረው እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል እንጂ እስከ መቼ መቆየት እንደሚቻል አይደለም። የመቆያው ቀን አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስድስት ወር ይሰጣል፣ ሊያንስም ይችላል። i94.cbp.dhs.gov ላይ የፓስፖርቱን ቁጥር አስገብቶ ማውጣትና ማተም ነው። እናትም ሆነ እህት በጎብኚነት ገብታ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ስትቀበል መገኘት፣ «ደመወዝ አልከፍላትም» ቢባልም፣ እሷን ለቪዛ መሰረዝ፣ ባለሱቁን ለቅጣት ሊያጋልጥ ይችላል። በኢሚግራንት ቪዛ የገባ ግን ማኅተሙ ከተመታ ቀን ጀምሮ መቀጠር ይችላል፤ ባለሱቁም እናቱንም ቢሆን ሲቀጥር አይ-9 ቅጹን መሙላት አለበት።

ራሱ መሄድ ያልቻለ ሰው ጓደኛውን ይልካል፤ ይህ በታክሲ ሠራተኞች ዘንድ የተለመደ ውለታ ነው። ያኔ ጥያቄዎቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት ይገባል፤ እናትየው ለማያውቁት ሰው «አሞኛል» አይሉምና። ጓደኛውም «እትዬ፣ ልጅዎ ይህን ጠይቅልኝ ብሎኛል» ብሎ ወረቀቱን ቢያነብላቸው ነውር አይሆንበትም።

በመጨረሻም በር ላይ የማይጠየቅ ነገር አለ። ልጅ እናቱን ሲያገኝ ወዲያው «አጎቴስ? እነ አክስቴስ?» ማለቱ ደንብ ነው። ሆኖም ከቤተሰቡ አንዱ ሞቶ ለልጅየው ሳይነገር የቆየ ሊሆን ይችላል፤ እናትየው መርዶውን በአካል ሊያረዱ ይዘውት መጥተው ይሆናል። ስሙ ሲነሳ ዓይናቸውን ካሸሹ ወይም «እሱም አለ፣ ቤት ስንገባ እናወራለን» ካሉ እዚያው መተው ነው። መርዶ በእኛ ባህል ሰው በተሰበሰበበት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ቤት ውስጥ ይነገራል፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ልጅየው ከጋራዡ ወጥቶ በቤልትዌይ ላይ እስከ አሌክሳንድሪያ መንዳት አለበት። በተቃራኒው እናትየው በአይሮፕላን ላይ እያሉ አገር ቤት የተፈጠረ ነገር ልጅየው ሰምቶ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን መኪና ውስጥ አይናገረው፤ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ይንዳ፣ በድምፅ ማጉያው በኩል አንድ ዘመድ ደውሎ ሊያለቅስ ይችላልና።

ወደ አዲስ አበባ ደርሰናል ብሎ የሚደወለው ከቤት ገብተው፣ ውሃ ተጠጥቶ፣ ኪኒኑ በሰዓቱ ተውጦ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቢደውሉ እዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ሁሉም ከሥራ ተመልሶ ስልኩን ከብቦ ይጠብቃል።